አንድ ድንጋይ፣ አንድ ሬዚስተር፣ አንድ ዳዮድ፦ የሥራ ነጥቡን በወረቀትና በካልኩሌተር ማግኘት

ሦስት ዕቃ ብቻ ነው የምንይዘው። አንድ ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ፣ አንድ ባለ 100 ኦም ሬዚስተር፣ አንድ 1N4148 የሚባለው ትንሹ የመስታወት ዳዮድ። ከድንጋዩ ፖዘቲቭ እንነሳለን፣ በሬዚስተሩ እናልፋለን፣ ወደ ዳዮዱ እንገባለን፣ ጥቁር ቀለበት ባለበት ጫፍ ወጥተን ወደ ድንጋዩ ኔጌቲቭ እንመለሳለን። አለቀ፣ ሰርኪዩቱ ይኸው ነው። ጥያቄው ደግሞ ሁለት ነው፦ ስንት ከረንት ያልፋል? ዳዮዱ ላይስ ስንት ቮልት ይቀራል? እነዚህ ሁለት ቁጥሮች አንድ ላይ ሲሆኑ የሥራ ነጥብ ይባላሉ። ክፍል ውስጥ ኪው ፖይንት ሲባል የሰማችሁትም ይኸው ነው።

በዳዮዱ ፋንታ ሌላ ሬዚስተር ቢኖር በኦም ሕግ አንድ መስመር ጽፈን እንገላገል ነበር። ዳዮድ ግን እንደዚያ አይደለም። ከረንቱን ለማወቅ ቮልቴጁን ማወቅ አለባችሁ፣ ቮልቴጁን ለማወቅ ደግሞ ከረንቱን። እኩልታው ውስጥ የዳዮዱ ቮልቴጅ V አንዴ በኤክስፖኔንሺያል ውስጥ፣ አንዴ ውጭ ስለሚገኝ በተለመደው አልጀብራ ለብቻው ነጥላችሁ ልታወጡት አትችሉም።

«0.7 ብሎ መያዝ ነዋ!» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ አንዳንዴ ይበቃል። ምንጩ 12 ቮልት ከሆነ፣ ዳዮዱ ላይ ያለው 0.65 ሆነ 0.70 ለከረንቱ ያን ያህል ለውጥ የለውም፤ ልዩነቱ ከመቶ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ምንጩ ወደ ዳዮዱ ቮልቴጅ እየቀረበ በመጣ ቁጥር ግን ያቺ 50 ሚሊቮልት ክብደት ታገኛለች። በ1.5 ቮልት ገና ትታገሣላችሁ። ምንጩ 0.6 ቮልት ቢሆንስ? ከ0.6 ላይ 0.7 ስትቀንሱ ኔጌቲቭ ከረንት ይወጣላችኋል፣ ሰርኪዩቱ ግን በሰላም ወደ ፊት እየሠራ ነው።

መጀመሪያ ሁለቱን እኩልታዎች ለዩ

ሰርኪዩቱን ለሁለት ጎራ ክፈሉት። በአንድ በኩል ድንጋዩና ሬዚስተሩ፣ በሌላ በኩል ዳዮዱ ብቻውን። እያንዳንዱ ጎራ በቮልቴጅና በከረንት መካከል የራሱ ሕግ አለው፦

```
I = (Vs - V) / R
I = Is * (exp(V / nVT) - 1)
```

የላይኛው የኪርኾፍ ሕግ ነው፤ ድንጋዩ ከሰጠው ላይ ዳዮዱ የወሰደውን ቀንሱ፣ የቀረው ሬዚስተሩ ላይ ነው። የታችኛው የሾክሌይ እኩልታ ነው። እዚህ ውስጥ Is በጣም ትንሽ ከረንት ናት። VT ከሙቀት ጋር የሚሄድ ቮልቴጅ ነው፣ በ27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 25.85 ሚሊቮልት። n ደግሞ ከዳዮድ ዳዮድ የሚለያይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ያለ ቁጥር ነው። n እና VTን ለየብቻ መሸከም አያስፈልግም፤ አባዟቸውና እንደ አንድ ቁጥር ያዟቸው።

ለ1N4148 በሲሙሌሽን ፕሮግራሞች ውስጥ የሚዘዋወር አንድ የታወቀ ሞዴል አለ፦ Is 2.52 ናኖአምፔር፣ n 1.752። ስለዚህ nVT ወደ 45.3 ሚሊቮልት ይመጣል። ከዚህ በኋላ የምንሠራው ሁሉ በነዚህ ሁለት ቁጥሮች ነው።

የእናንተ ዳዮድ ሌላ ከሆነና ሞዴሉን ካላገኛችሁት አትጨነቁ፣ ሁለት ልኬት ይበቃችኋል። ዳዮዱ ላይ በአንድ ሬዚስተር 1 ሚሊአምፔር አሳልፉና ቮልቴጁን ለኩ፤ በሌላ ሬዚስተር 10 ሚሊአምፔር አሳልፉና እንደገና ለኩ። ለኛ ሞዴል የመጀመሪያው 0.584፣ ሁለተኛው 0.688 ቮልት ይሆናል። ልዩነቱን፣ ማለትም 0.104ን፣ ለ2.303 አካፍሉ። 2.303 የመጣው ከ10 ናቹራል ሎጋሪዝም ነው፣ ከረንቱ አሥር እጥፍ ስላደገ። 0.0452 ወጣ፣ ያ nVT ነው። Isን ለማግኘት 1 ሚሊአምፔሩን ለ exp(0.584/0.0452) አካፍሉት። የምታገኙት Is ከላይ ካለው ትንሽ ቢለይ አትገረሙ፣ ኤክስፖኔንሺያል ውስጥ የገባች ሦስተኛ አኀዝ ብዙ ትነቀንቃለች። nVT እና Is ከአንድ ልኬት ጥንድ እስከወጡ ድረስ አብረው ልክ ይሠራሉ። ችግር የሚፈጠረው አንዱን ከራሳችሁ ልኬት፣ ሌላውን ከሌላ ሰው ሞዴል ስትቀላቅሉ ነው።

በወረቀት፦ ሎድ ላይን መሳል

ስኩዌር ወረቀት ያዙ። አግድሙ የዳዮዱ ቮልቴጅ ነው፣ ከ0 እስከ 1.5 ቮልት። ወደ ላይ የሚወጣው ከረንቱ ነው፣ ከ0 እስከ 15 ሚሊአምፔር።

አሁን የመጀመሪያውን ጎራ ሳሉ። ቀጥተኛ መስመር ስለሆነ ሁለት ነጥብ ይበቃዋል፣ ሁለቱን ነጥቦች የምናገኘው ደግሞ ሁለት ጽንፎችን በማሰብ ነው። ዳዮዱ ጭራሽ ከረንት ባያሳልፍ ኖሮ ሙሉው 1.5 ቮልት እሱ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ስለዚህ አግድሙ ላይ 1.5 ላይ ነጥብ አድርጉ። ዳዮዱ ተራ ሽቦ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ቮልቴጁ ዜሮ፣ ከረንቱ 1.5 ሲካፈል ለ100፣ ማለትም 15 ሚሊአምፔር ይሆን ነበር፤ ቋሚው ላይ 15 ላይ ነጥብ አድርጉ። በማስመሪያ አገናኟቸው። ሎድ ላይን፣ ወይም የጭነት መስመር፣ የሚሉት ይህን ነው።

ይህ መስመር ስለ ዳዮዱ ምንም አያውቅም። ድንጋዩና ሬዚስተሩ ብቻ ናቸው የሠሩት። ዳዮዱን ብትቀይሩት መስመሩ ከቦታው አይነቃነቅም።

ቀጥሎ የዳዮዱን ከርቭ በዚያው ወረቀት ላይ ሳሉ። በሞዴላችን ሲሰላ በ0.50 ቮልት 0.16 ሚሊአምፔር ነው፣ ከአግድሙ ጋር የተጣበቀ ያህል። በ0.55 ላይ 0.47። በ0.60 ላይ 1.42። በ0.65 ላይ 4.30። በ0.70 ላይ 12.95። እነዚህን ነጥቦች በእጅ አገናኙ። ለረጅም ጊዜ ሜዳ ሜዳውን ሄዶ ከ0.6 በኋላ ገደል ይሆናል።

ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ መልሱ ነው። በ0.65 ላይ ሎድ ላይኑ 8.5 ሚሊአምፔር ይላል፣ ዳዮዱ 4.3፤ ሎድ ላይኑ ከላይ ነው። በ0.70 ላይ ሎድ ላይኑ 8.0 ይላል፣ ዳዮዱ 12.95፤ አሁን ዳዮዱ ከላይ ሆነ። ስለዚህ መገናኛው በመካከላቸው አለ። አንድ ነጥብ ጨምሩ፣ 0.68 ላይ። ሎድ ላይኑ 8.2፣ ዳዮዱ 8.33። ዳዮዱ በጥቂቱ በልጧል፣ ማለትም መገናኛው ከ0.68 ትንሽ ወደ ግራ ነው። ወረቀቱ ላይ «0.68 ቮልት፣ 8.2 ሚሊአምፔር አካባቢ» ብላችሁ ታነባላችሁ።

የበለጠ ጥራት ከፈለጋችሁ እርሳሱን መቅረጽ አይደለም መፍትሔው። ሌላ ወረቀት አውጡና አግድሙን ከ0.60 እስከ 0.72 ብቻ አድርጉት። በዚህ ጊዜ ሎድ ላይኑ 1.5 ላይ አግድሙን ሲነካ አይታይም፤ እኩልታው ላይ 0.60ን አስገብታችሁ 9.0፣ 0.72ን አስገብታችሁ 7.8 ታወጡና እነዚያን ሁለት ነጥቦች ታገናኛላችሁ።

አንድ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ አለ። ከርቩን ከራሳችሁ ስሌት ሳይሆን ከዳታሺት ልትገለብጡ ስትሉ ከረንቱ የተጻፈበትን ጎን እዩት። 0.1፣ 1፣ 10፣ 100 እያለ የሚሄድ ከሆነ ሎጋሪዝም ስኬል ነው፣ የትንንሽ ዳዮዶች ዳታሺት ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው የሚያወጣው። በዚያ ስኬል ላይ ሎድ ላይን ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ይታጠፋል። በማስመሪያ ቀጥ አድርጋችሁ ከሳላችሁት መልሱ ልክ የሚመስል ግን የተሳሳተ ቁጥር ይሆናል። ነጥቦቹን አንብባችሁ ወደ ተራው ስኩዌር ወረቀት አምጧቸው። እዚያው ዳታሺት ላይ «በ10 ሚሊአምፔር ቢበዛ 1 ቮልት» የሚለውን መስመርም እንደ ከርቩ ነጥብ አትውሰዱት። እሱ ፋብሪካው ከዚህ አይበልጥም ብሎ የሰጠው ጣሪያ ነው፤ እጃችሁ ላይ ያለው ዳዮድ በ10 ሚሊአምፔር 0.69 አካባቢ ነው የሚያሳየው።

ሥዕሉን ከሳላችሁት በኋላ ካልኩሌተር የማይሰጣችሁን ነገር ይሰጣችኋል፦ አንድ ነገር ሲቀየር ነጥቡ ወዴት እንደሚሄድ። ሬዚስተሩ ቢቀየር መስመሩ 1.5 ላይ እንደ በር ማጠፊያ ተተክሎ ይዞራል። ድንጋዩ ደክሞ 1.2 ቮልት ቢሆን መስመሩ ተዳፋቱን ሳይቀይር ወደ ግራ ይንሸራተታል፣ አዲሱ ነጥብ 0.66 ቮልትና 5.4 ሚሊአምፔር ይሆናል። ልብ በሉ፣ ምንጩ የወረደው በ20 በመቶ ነው፣ ከረንቱ ግን በ34 በመቶ ወረደ። ዳዮዱ ድርሻውን አልለቅም ስላለ ጉድለቱ ሁሉ ሬዚስተሩ ላይ ወደቀ። ክፍሉ ቢሞቅ ደግሞ ሎድ ላይኑ ባለበት ቆሞ የዳዮዱ ከርቭ በአንድ ዲግሪ ወደ 2 ሚሊቮልት ገደማ ወደ ግራ ይሄዳል።

በካልኩሌተር፦ እየደጋገሙ መጠጋት

አሁን ያለ ወረቀት እንሥራው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ አንድ ቮልቴጅ ገምቱ፣ ከሎድ ላይኑ ከረንቱን አውጡ፣ ያን ከረንት ለዳዮዱ ስጡትና «ይህን ለማሳለፍ ስንት ቮልት ትፈልጋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። የመለሰላችሁ ቮልቴጅ አዲሱ ግምታችሁ ነው። እንደገና።

የሾክሌይን እኩልታ ለቮልቴጅ ስንገለብጠው እንዲህ ይሆናል፦

```
V = nVT * ln(I / Is + 1)
```

ከ0.7 እንነሳ። ከረንቱ 1.5 ሲቀነስ 0.7፣ ሲካፈል ለ100፣ 8 ሚሊአምፔር። ዳዮዱ ለ8 ሚሊአምፔር 0.6782 ቮልት ይፈልጋል። መልሰን ወደ ሎድ ላይኑ ስናስገባው 8.218 ሚሊአምፔር። ዳዮዱ 0.6794 አለ። እንደገና፣ 8.206 ሚሊአምፔር፣ ዳዮዱ 0.6793። እዚህ ላይ አራተኛዋ አኀዝ ቆመች። መልሳችን 0.679 ቮልትና 8.21 ሚሊአምፔር ነው። ሦስት ዙር ብቻ ነው የፈጀው፣ ወረቀቱ ላይ ካነበብነው ጋርም ይገጥማል።

ቁጥሮቹን እንደገና እዩዋቸው፦ 0.7፣ 0.6782፣ 0.6794፣ 0.6793። አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች፣ አንዴ ከላይ። ይህ እንዲሁ የሆነ አይደለም። ግምታችሁ ከፍ ካለ ሎድ ላይኑ ትንሽ ከረንት ይሰጣችኋል፣ ትንሽ ከረንት ደግሞ ዝቅ ያለ ቮልቴጅ ያመጣል። ስለዚህ እውነተኛው መልስ ሁልጊዜ በተከታታይ ሁለት ግምቶች መካከል ታስሮ ነው የሚገኘው። መቼ ላቁም ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው፤ ሁለት ተከታታይ ግምቶች በምትፈልጉት አኀዝ ሲስማሙ አቁሙ። ቁጥሮቻችሁ በዚህ ሰርኪዩት ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እየሄዱ ከሆነ የሆነ ቦታ ምልክት ተሳስታችኋል። ሌላ የሚያሳስት ደግሞ ln ማለት ፈልጋችሁ log መንካት ነው። ይህ በጣም የተለመደ ነው፤ ከ0.7 ተነስታችሁ ቮልቴጁ በድንገት 0.29 ቮልት አካባቢ ከወረደ እሱ ነው።

ሌላው ስህተት ሚሊ ነው። ከረንቱን 8 ብሎ አስገብቶ Isን 2.52e-9 ማለት። ያኔ ዳዮዱ 0.99 ቮልት ይላችኋል። ወይ ሁለቱንም በአምፔር፣ ወይ ሁለቱንም በሚሊአምፔር አድርጉ።

ኮምፒውተር ካለ ደግሞ ይኸው፦

```python
from math import log
Vs, R, Is, nVT = 1.5, 100, 2.52e-9, 0.0453
V = 0.7
for k in range(6):
    I = (Vs - V) / R
    V = nVT * log(I / Is + 1)
    print(k + 1, round(V, 5), round(I * 1000, 3))
```

ፓይተን ላይ `log` ማለት ናቹራል ሎጋሪዝም ነው፣ ካልኩሌተሩ ላይ ካለው በተቃራኒ። ይህም ሰው ያጋጫል።

ዙሩን ገልብጣችሁ ስትሠሩት የሚመጣው ጉድ

ተማሪ እያለሁ ለፈተና ስዘጋጅ አንድ ሌሊት ያሳለፍኩት በዚህ ነው። እኔ የሠራሁት ተገልብጦ ነበር፦ ቮልቴጁን ለዳዮዱ ሰጥቼ ከረንት አወጣሁ፣ ከረንቱን ለሎድ ላይኑ ሰጥቼ ቮልቴጅ አወጣሁ። ሲታይ ምን ልዩነት አለው? ያው ሁለት እኩልታ ነው።

ከ0.7 እንነሳና እንየው። ዳዮዱ በ0.7 ቮልት 12.95 ሚሊአምፔር ያሳልፋል። ሎድ ላይኑ በዚህ ከረንት 0.205 ቮልት ይላል። በ0.205 ቮልት ዳዮዱ 0.23 ማይክሮአምፔር ብቻ ነው የሚያሳልፈው፣ ከምንም አይቆጠርም። እንግዲያው ሙሉው 1.5 ቮልት ዳዮዱ ላይ ነው። በ1.5 ቮልት ዳዮዱ ስንት ያሳልፋል? ከ600 ሺህ አምፔር በላይ። ከአንዲት የባትሪ ድንጋይ! ቀጣዩ ቮልቴጅ ኔጌቲቭ 60 ሚሊዮን ነው። እኔ ካልኩሌተሩ ተበላሸ ብዬ ድንጋዩን ቀየርኩለት።

የተበላሸው አቅጣጫው ነው። ወደ ሥዕሉ ተመለሱ። መገናኛው ላይ ዳዮዱ ገደል ነው፣ ሎድ ላይኑ ሜዳ። ገደል ላይ ቆማችሁ አግድሙን በጥቂት ሚሊቮልት ብትስቱ ከረንቱ በብዙ ይዘላል። ሜዳ ላይ ብትስቱ ግን ከረንቱ ብዙም አይለወጥም። ስለዚህ ከረንቱን ሁልጊዜ ሜዳ የሆነውን መስመር ጠይቁ፣ ቮልቴጁን ገደል የሆነውን።

የትኛው ገደል፣ የትኛው ሜዳ እንደሆነ በቁጥር መለየት ይቻላል። ዳዮዱ በሥራ ነጥቡ አካባቢ ለትንሽ ለውጥ የሚያሳየው ሬዚስታንስ nVT ሲካፈል ለከረንቱ ነው። ለኛ 45.3 ሚሊቮልት ለ8.2 ሚሊአምፔር፣ ወደ 5.5 ኦም። ይህን ከ100 ኦሙ ጋር አወዳድሩት። ጥምርታው 0.055 ነው፣ ስህተቱም በየዙሩ በዚሁ እየተባዛ ነው የሚያንሰው፣ ማለትም በየዙሩ 18 ጊዜ ያህል። በሦስት ዙር ያለቀው ለዚህ ነው። ዙሩን ስትገለብጡት ደግሞ ስህተቱ በየዙሩ 18 እጥፍ ያድጋል፣ ወደ 600 ሺህ አምፔር የወሰደን ያ ነው።

ደንቡ ታዲያ «ሁልጊዜ ሎጋሪዝሙን ተጠቀሙ» አይደለም። ምንጩ 0.4 ቮልት ቢሆን ዳዮዱ ውስጥ የሚያልፈው 17 ማይክሮአምፔር አካባቢ ብቻ ነው፣ የዳዮዱ ሬዚስታንስም ከ2,600 ኦም ይበልጣል። አሁን ዳዮዱ ሜዳ ሆነ፣ ሎድ ላይኑ ገደል። በሎጋሪዝሙ መንገድ ከ0.3 ብትነሱ ከረንቱ 1 ሚሊአምፔር፣ ቮልቴጁ 0.584 ይወጣል፤ ከምንጩ በለጠ። ቀጣዩ ከረንት ኔጌቲቭ ይሆናል፣ የኔጌቲቭ ሎጋሪዝም ደግሞ የለም፣ ካልኩሌተሩ `Math ERROR` ብሎ ይቆማል። በተገለበጠው መንገድ ግን ከ0.4 ትነሳላችሁ፣ 17.2 ማይክሮአምፔር፣ 0.39828 ቮልት፣ 16.6 ማይክሮአምፔር፣ 0.39834 ቮልት። አለቀ።

ሁለቱም ገደል ሲሆኑ

መካከል ላይ ያለው ነው አስቸጋሪው። ምንጩ 0.6 ቮልት፣ ሬዚስተሩ ያው 100 ኦም ሲሆን የዳዮዱ ሬዚስታንስ 93 ኦም አካባቢ ይመጣል፣ ከሬዚስተሩ ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረውም። በሎጋሪዝሙ መንገድ ብትሄዱ አይጠፋባችሁም፣ ግን በየዙሩ ስህተቱ የሚቀንሰው በ7 በመቶ ብቻ ነው። እስኪነጋ ትደጋግማላችሁ።

እዚህ ላይ የምወደው ዘዴ በጣም ተራ ነው። ግምቶቹ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች እንደሚወዛወዙ አይተናል። እና አዲሱን ግምት እንዳለ ከመውሰድ የድሮውንና የአዲሱን አማካይ ውሰዱ። ከ0.55 ተነሱ፦ ከረንቱ 0.5 ሚሊአምፔር፣ ዳዮዱ 0.5526 ይላል። አማካዩ 0.5513። ይህን እንደገና ብታስገቡት ከረንቱ 0.487 ሚሊአምፔር፣ ዳዮዱ 0.5514 ይላል። በአንድ ዙር ደረስን! ይህን ያህል ያማረው ጥምርታው ለ1 ስለቀረበ ነው። ጥምርታው 0.055 በሆነበት በመጀመሪያው ሰርኪዩት ላይ አማካይ ብትወስዱ ግን ፈጣኑን ሥራ ታዘገዩታላችሁ፣ እዚያ አታስገቡት።

ኮምፒውተሮች የሚጠቀሙት ሌላ ነው፣ የኒውተን ዘዴ። በግምታችሁ ላይ የዳዮዱን ከርቭ የምትነካ ቀጥተኛ መስመር ትስላላችሁ፤ ያቺ መስመር ከሎድ ላይኑ ጋር የምትገናኝበት ቦታ አዲሱ ግምት ነው። በቁጥር እንዲህ ነው፦

```
f  = Is*(exp(V/nVT) - 1) - (Vs - V)/R
f' = (Is/nVT)*exp(V/nVT) + 1/R
V_new = V - f/f'
```

በ1.5 ቮልቱ ሰርኪዩት ከ0.7 ብንነሳ ዳዮዱ 12.95፣ ሎድ ላይኑ 8.0 ሚሊአምፔር ይላሉ። ልዩነቱ 4.95 ሚሊአምፔር ነው። ተዳፋቱ በአንድ ቮልት 0.296 አምፔር። ስናካፍለው 0.0167 ቮልት፣ ስለዚህ አዲሱ ግምት 0.6833። ቀጥሎ 0.6795፣ ቀጥሎ 0.6793። ለዚህ ሰርኪዩት ከቀላሉ ዘዴ አይፈጥንም፣ ግን የትኛው ገደል ነው ብላችሁ ሳትጨነቁ ይሠራል።

ኒውተንም ግን መነሻው ካልተመረጠለት ያስለፋል። ከዜሮ ቮልት አስነሱት። እዚያ የዳዮዱ ከርቭ ለጥ ያለ ስለሆነ የምትነካው መስመር ቀጥ ብላ ሄዳ 1.5 ላይ ትጥላችኋለች። ከ1.5 ሲመለስ ደግሞ በየዙሩ አንድ nVT ብቻ፣ 45 ሚሊቮልት እየወረደ ነው የሚመጣው፤ ወደ 0.68 ለመድረስ ወደ 20 ዙር ይፈልጋል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በበርክሌይ ከተሠራው ስፓይስ ጀምሮ ያሉ የሰርኪዩት ሲሙሌተሮች ይህን ስለሚያውቁ የዳዮድ ቮልቴጅ በአንድ ዙር ከልክ በላይ እንዳይዘል ይገድቡታል። በእጃችሁ ስትሠሩ ግን ገደብ የሚያስፈልጋችሁ አይደለም፣ ከ0.7 መነሳት ይበቃል።

በመልቲሜትር ማረጋገጥ

ሰርኪዩቱን ብሬድቦርድ ላይ ሰክታችሁ ስትለኩ ከረንቱን በቀጥታ ለመለካት ሜትሩን መካከል አታስገቡት። በሚሊአምፔር መስመሩ ላይ ሜትሩ ራሱ ጥቂት ኦም አለው፣ ያ ኦም 100 ኦሙ ላይ ተደምሮ የሥራ ነጥቡን ይገፋዋል። በዚያ ፋንታ ሬዚስተሩ ላይ ያለውን ቮልቴጅ ለኩ። 0.82 ቮልት ካነበባችሁ 8.2 ሚሊአምፔር ነው። ሬዚስተሩንም ከመሰካታችሁ በፊት ለብቻው ለኩት፤ ወርቃማ ቀለበት ያለው ከሆነ 95 ሊሆን ይችላል፣ 105ም። ድንጋዩን ደግሞ ሰርኪዩቱ እየሠራ ሳለ ለኩት፣ ባዶውን ሲሆን የሚያሳየውን አትመኑ። የሬዚስተሩንና የድንጋዩን ቁጥር ወደ ስሌቱ መልሳችሁ አስገቡና ዙሩን እንደገና ሥሩ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ዳዮዱ ላይ ያነበባችሁት ከስሌቱ በ5 ሚሊቮልት ገደማ ቢበልጥ ምክንያቱ ይታወቃል። ዳዮዱ ውስጥ ከኤክስፖኔንሺያሉ ጋር ተከታትላ የተቀመጠች ትንሽ ሬዚስታንስ አለች፣ በዚያው ሞዴል 0.568 ኦም። በ8.2 ሚሊአምፔር 4.7 ሚሊቮልት ትወስዳለች። ስሌቱ ውስጥ ማስገባት ከፈለጋችሁ Rን 100.568 አድርጉና ዙሩን እንዳለ ሥሩ፣ መጨረሻ ላይ 4.7ቱን ሚሊቮልት ወደ ዳዮዱ ቮልቴጅ ደምሩ። ልዩነቱ 20 ወይም 30 ሚሊቮልት ከሆነ ግን ይህችን ሬዚስታንስ አትክሰሷት። ወይ ክፍሉ ከ27 ዲግሪ ርቋል፣ ወይ የሻጩ ዳዮድ የሞዴሉ ዓይነት አይደለም፤ ያኔ ወደ ሁለቱ ልኬቶች፣ ወደ 1 እና 10 ሚሊአምፔሩ፣ ተመለሱና የራሳችሁን nVT እና Is አውጡ።